ውዳሴ ዘስላይድ

ጎንደሬ ያልገባውን ነገር በጨዋነት ማዳመጥ ያውቅበታል። የሚጠራጠር ካለ የውሃ መስመር ማሻሻያ ፕሮጀክት ለነዋሪው «ሲተዋወቅ» አንድ ቀን አዳራሽ ገብቶ ይይ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት የተቀመጡ እናቶች፣ ከዘራቸውን ተደግፈው የሚያዳምጡ አባቶች፣ ከኋላ ስልኩን የሚነካካ ወጣት። በየፊታቸው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ስለ ቧንቧ ውሃ መጥፋት ሲወያዩ ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ። ግድግዳው ላይ ስላይድ በርቷል፤ እንዲህ ይላል፦

«በዞን 3 ያለው ኖዳል ፕሬዠር በፒክ አወር ዲማንድ ወቅት እስከ 0.5 ባር ስለሚወርድ ሲስተሙ በኢንተርሚተንት ሰፕላይ ሞድ ኦፕሬት እንዲደረግ ተደርጓል።»

አማርኛ ነው። «በ» አለበት፣ «ስለሚወርድ» አለበት፣ «ተደርጓል»ም አለበት። እናቶች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከአባቶች አንዱ ተነስተው «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ተምራችሁ ለአገር ደረሳችሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ጭብጨባ።

ይህን ጥበብ ሳናመሰግን መቆየታችን ያሳፍራል። የጥበቡን ጥልቀት የሚያውቅ ጥያቄ ያልተጠየቀ ሰው ብቻ ነው። «ውሃ ለምን አይመጣም?» የሚል ሰው ይመለስለታል፤ ግን «ኖዳል ፕሬዠሩ ለምን ወረደ?» ብሎ የሚነሳ ማን አለ? ኖዳል ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቅ? ሰው ባልተዋወቀው ነገር አይከራከርም። አቅራቢው 46 ስላይድ አሳልፎ፣ የመጨረሻው ላይ የአበባ ሥዕልና ምስጋና አስቀምጦ፣ «ጥያቄ ካለ» ይላል። የለም። በሰዓቱ ወደ ሻይ።

ክፉዎች «ነገሩ ለእሱም ስላልገባው ነው» ይላሉ። ሐሰት ነው። ገብቶታል፤ እንዲያውም በደንብ ነው የገባው። ስሌቱን ራሱ ሠርቷል፣ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ አድሯል፤ ያንን ድካም አውልቆ «ማለዳ ማለዳ ውሃው አቅም ያጣል» ብሎ እንዲናገር መጠየቅ ሰውን ካባውን አስወልቆ በሸሚዝ እንደ ማቆም ነው። ዲግሪውስ በምን ይታወቅ?

ደግሞ ለተቺ የሚራሩ ሊቃውንትም አሉ፤ እነሱም ውዳሴ ይገባቸዋል። «ለሕዝቡ ቀለል አድርጉት» ሲባሉ ቀለል ያደርጉታል። ግራፉ ይወጣል፤ በቦታው ፈገግ ያለች ሕፃን በሁለት እጇ ውሃ ይዛ ትገባለች፤ ከሥሯ «ውሃ ሕይወት ነው!» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ የለም፣ ምክንያቱ የለም፣ ጊዜው የለም። ከመጀመሪያው ስላይድ ምንም ያልተረዳው ነዋሪ ከሁለተኛውም ምንም አይረዳም፤ ልዩነቱ አሁን ሕፃኗ ታሳዝነዋለች።

ይህ ሁሉ በሰላም ሲሄድ ነው አንዲት ወጣት ኢንጂነር የመጣችው። ስሟን አልጠራም፤ በቂ ችግር አለባት። ያንኑ ሰነድ ሰጥተዋት «ለነዋሪው አስተካክለሽ አቅርቢ» አሏት። እሷም እንደ ነገሩ «አስተካክለሽ» ማለት አርማውን ከላይ በቀኝ በኩል ማድረግ መሆኑን ባለማወቅ ቃል በቃል ወሰደችው። ከ46ቱ ስላይድ ስድስት ብቻ አስቀረች። የለየችበት መንገድ ደግሞ ነውር ነው፤ በእያንዳንዱ ስላይድ «ይህን የሰማ ሰው ቤቱ ገብቶ ምን ይወስናል?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሌለውን አወጣች። የድርጅቱ መዋቅር እንኳ አልቀረላትም።

ከዚያ የኖዳሉን ስላይድ ያዘች። ያደረገችውን በዝርዝር ልናገር፤ ሌላው እንዲጠነቀቅ። 0.5 ባር በሜትር ሲመነዘር ውሃን 5 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚገፋ አቅም ነው፤ 1 ባር 10 ሜትር ግድም ነውና። ስለዚህ ስላይዱ ላይ ቁልቁለት ላይ ያለ አንድ ቤት ሣለች። ከቤቱ በላይ 40 ሜትር ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ማጠራቀሚያ አለ፤ ከመንገዱ ቧንቧ 7 ሜትር ከፍ ብሎ ደግሞ ጣሪያው ላይ ሮቶ ተቀምጧል። ርእሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ማለዳ ውሃው 5 ሜትር ይወጣል፤ ሮቶው 7 ሜትር ላይ ነው።» በቃ። አዳራሹ ዝም አለ። ከፊት የነበሩት እማማ «እና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚሞላልኝ?» አሉ።

አያችሁ? አሮጊቷ ለዘመናት ስሌቱን ያውቁት ነበር፤ የጠፋባቸው ምክንያቱ ብቻ ነው። ልጅቷም መለሰች። «እማማ፣ ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ ይተኛል። ውሃው በመስመሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ከ40 ሜትሩ አቅም ብዙው ሳይነካ እርስዎ ጋ ይደርሳል። ማለዳ 12 ሰዓት ሁሉም ሲከፍት በጠባቡ ቧንቧ ውስጥ እየተሻሸ 35 ሜትሩን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ለእርስዎ 5 ትቀራለች።» «ፍሪክሽን ሄድ ሎስ» የሚባለው ግርማ ሞገስ ያለው ነገር በአንድ ቀን ጠዋት እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ይባስ ብላ ምሳሌ ጨመረች። ጥምቀት ላይ ሕዝቡ ከፋሲለደስ መዋኛ ግቢ ሲወጣ በሩ ላይ እንደሚታፈነው ውሃውም በጠባብ ቧንቧ ይታፈናል አለች። ጎንደር ውስጥ በዚያ በር ያልተገፋ ሰው ስለሌለ ሁሉም ገባው። እዚህ ላይ ብታቆም እኔም ይቅር ባልኳት፤ ምሳሌ ሰው ደስ ካሰኘ ሥራው አልቋል። እሷ ግን «ምሳሌዋ እዚህ ድረስ ነው የምታስኬደን» ብላ ቀጠለች። የበሩን ስፋት እጥፍ ብናደርገው የሚወጣው ሰው እጥፍ ያህል ነው። ቧንቧን ግን ከ100 ሚሊ ሜትር ወደ 200 ብናሳድገው፣ በዚያው በ40 ሜትሩ ከፍታ፣ የሚያልፈው ውሃ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ቧንቧውን ለመቀየር ተጠየቀ፤ ጠባቡ ሳይነካ ኮረብታው ላይ ሌላ ማጠራቀሚያ ቢጨመር ማለዳ ያው 5 ሜትር ነው። የራሱን ምሳሌ ቆርሶ የት ላይ እንደሚዋሽ የሚናገር ባለሙያ ምን ይባላል? እኛ ስንለምድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይጋለባል፤ የሚወድቅበትን ሰሚው ቤቱ ገብቶ ያያል።

አራተኛው ስላይድ የባሰ ነበር። የቀድሞው «ኖን ሬቬኒው ዋተር 40%» ይላል፤ ልብ የሚሞላ አገላለጽ ነው። ሲቀል ደግሞ ሁሉም ሰው «40 በመቶው ውሃ ይፈሳል» ይለዋል፤ እኔም ሳነበው እንዲያ ነው የገባኝ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን «ከተመረተው 10 ጀሪካን የ4ቱ ሂሳብ ወደ እኛ አይመጣም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ለያየችው። ከፊሉ እውነትም ከተሰበረ ቧንቧ ወደ መሬት ይገባል። ከፊሉ ግን ሰው ቤት ደርሶ ተጠጥቷል፤ ቆጣሪው አርጅቶ አሳንሶ ቆጥሮታል፣ ወይም ሳይመዘገብ ከመስመሩ ተጠልፏል። የመጀመሪያው መድኃኒት ቆፍሮ መጠገን ነው፤ የሁለተኛው ቆጣሪ መቀየርና የተጠለፈውን መመዝገብ። «ይፈሳል» ብሎ ማቅለል ሁለቱንም አንድ አድርጎ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስቆፍሮ፣ ያረጀውን ቆጣሪ እዚያው እንዲያንቀላፋ ይተወዋል። ይህን ያህል ዝርዝር ለሕዝብ? ደለል እያልን ስንጠራው የኖርነውን የአንገረብን ግድብ ጭቃ «ሴዲመንቴሽን» ብለን ባከበርንበት ዘመን?

ቀጥሎ የመጣው መዓት ነው። ሰዎች ጠየቁ። አንዱ አባት «እንግዲያስ ቆጣሪ አሳንሶ የሚቆጥረው ለሀብታም ብቻ ነው ወይስ ለእኔም?» አሉ። ከኋላ ያ ስልክ የሚነካካ ወጣት ስልኩን አስቀምጦ ተነሳ፤ ሰፈሩ ውስጥ ከመንገድ ቧንቧ በቀጥታ በፓምፕ የሚስቡ ቤቶች እንዳሉ፣ እነሱ ሲያስነሱ የእነ እናቱ ቧንቧ እየተንጠባጠበ እንደሚደርቅ ተናገረ። ይህ በሰነዱ ላይ «ኔጌቲቭ ፕሬዠር ኢንትሩዥን ሪስክ» ተብሎ በ31ኛው ስላይድ በትንንሽ ፊደል በክብር የተቀመጠ ጉዳይ ነበር፤ ማንንም አያስቀይምም ነበር። ልጅቷ ግን ገለጠችው። ፓምፑ ውሃውን ከሚመጣበት ፍጥነት በላይ ሲስብ ቧንቧው ባዶ ይሆንና መምጠጥ ይጀምራል፤ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በኋላ ያ ውሃ ለሁሉም ይደርሳል፣ ፓምፕ ላስገባውም ጭምር። ውሃው ከጠፋ በኋላ ሲመጣ መጀመሪያ ደፍርሶ የሚወርደው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችልም ነገረቻቸው። «ሊሆን ይችላል» አለች፤ «ነው» አላለችም። ይህም ሌላ ድፍረት ነው።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉ እማማ። «መሳብ የግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ባለ ሮቶ ውሃው በራሱ ይሙላ፤ ከዚያ ሮቶ ወደ ላይ በፓምፕ ይውጣ።» ፓምፕ ያላቸው ሁለት ሰዎች በድንገት ቀጠሮ ትዝ አላቸውና ወጡ።

የሻይ ሰዓት አለፈ። ሳምቡሳው ቀዘቀዘ። የክብር እንግዳው ሦስት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። ከመድረኩ በኋላ በተደረገው ግምገማ አቀራረቡ «ከደረጃ በታች» መሆኑ ተገለጸ፤ ነዋሪው ከሚገባው በላይ እንደገባው፣ ይህም ወደፊት ሊደገም እንደማይገባ በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ስድስቱ ስላይዶች ወደ 46 እንዲመለሱ፣ የእማማ ጥያቄም «ኦፍ ፒክ ሪፊሊንግ ፓተርን» በሚል እንዲካተት ተወሰነ።

ቅሬታ ያቀረበ ሌላም ሰው ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ። ለወትሮው «ከተሳታፊዎች የቀረበ ጥያቄ የለም» ብሎ አንድ መስመር ይጽፍና ይፈርም ነበር። በዚያ ቀን እጁ እስኪዝል ጻፈ፤ አሁን ለተጨማሪው ገጽ የተለየ አበል እንዲታሰብለት ማመልከቻ አስገብቷል።