«በቀን ሦስት ጊዜ» ማለት ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ማለት አይደለም

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልገስጻችሁ ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ በየቀኑ የማየውን ይዤ ዝም ማለት ከበደኝ።

ሐኪም አሞክሳሲሊን ያዝላችኋል። እኔ ደግሞ «በቀን ሦስት ጊዜ» ብዬ እሽጉ ላይ እጽፋለሁ። እናንተ «እሺ፣ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። አቦ፣ እንደሱ አይደለም! አሞክሳሲሊን ምግብ ኖረም አልኖረም ይሠራል። የሚፈልገው ሰዓት ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ቁርስ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል፣ እራት ማታ 1 ሰዓት ተኩል በላችሁ እንበል። ከቁርስ እስከ ምሳ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ከምሳ እስከ እራት ሰባት። ከእራት እስከ ነገ ቁርስ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል! ሌሊቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባክቴሪያው ያለ ጠባቂ ያድራል።

ለምን መሰላችሁ? ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው፣ አሞክሳሲሊን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ከደም ይወጣል። በሚቀጥለው ሰዓት ከቀረው ላይ ግማሹ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ስምንተኛው ሰዓት ላይ ደም ውስጥ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው። ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን የሚገድለው መጠኑ ደም ውስጥ ከተወሰነ ልክ በላይ ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ወሳኙ ከልኩ በላይ የቆየበት ሰዓት እንጂ ምን ያህል ከፍ ማለቱ አይደለም። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ታዲያ እንቅልፍ አቋርጡ አላልኩም። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ራሱ ያግዛችኋል፤ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። በየመሃሉ ልክ ስምንት ሰዓት አለ፣ የሌሊቱም እንቅልፍ ሙሉ ነው። ዘግይታችሁ የምትነሱ ከሆነ ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5 አድርጉት። ሁለት ሰዓት የሚነሳም 2፣ 10፣ ከዚያም ሌሊት 6 ይበል። ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቢዛነፍ ችግር የለውም። በሁለት ፍሬ መካከል ግን ከአራት ሰዓት ያነሰ አይሁን።

መድኃኒቱን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከገዛችሁ ደግሞ «ነገ ጠዋት ልጀምር» አትበሉ። ያኔውኑ አንዱን ዋጡ፣ ቀጣዩን 11 ሰዓት፣ ሦስተኛውን ማታ 4። ከማግስቱ ጀምሮ 12፣ 8፣ 4 ነው።

አንድ የሳቢያን ባጃጅ ነጂ ያጋጠመውን ላውጋችሁ። ለሳንባ ምች 500 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን ታዞለት ነበር፤ 21 ፍሬ ማለት ነው። ሰኞ ረፋድ ጀመረ። ሐሙስ ጠዋት «አልተሻለኝም፣ ሌላ ጠንከር ያለ ስጠኝ» ብሎ መጣ። እሽጉን ተቀብዬ ቆጠርኩ። 10 ተውጧል፣ 11 ቀርቷል። ቁጥሩ ልክ ነው። ሰዓቱን ስጠይቀው ግን ጉዱ ወጣ። ጠዋት 2 ሰዓት አንድ፣ ማታ 3 ሰዓት ሁለት በአንድ ላይ ይውጣል! የቀኑን በርጫ ላይ ሆኖ ስለሚረሳው ማታ «ያካክሰዋል»። ሆዱም ይላወስበት ጀምሯል።

ሁለት ፍሬ አንድ ላይ መዋጥ የጠፋውን ሰዓት አይመልስም። መጠኑን ለጥቂት ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፣ ግማሹ ግን በዚያው ፍጥነት ይወጣል። ከሁለት ፍሬ የምታገኙት ተጨማሪ ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ትርፉ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ነው። በእሱ ላይ ቀኑን ሙሉ፣ ከጠዋት 2 እስከ ማታ 3፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ክፍት ነበር።

ሌላ መድኃኒት አልሸጥኩለትም። ትኩሳቱ በሦስት ቀን ስላልወረደ መጀመሪያ ወዳዘዘለት ሐኪም መለስኩት። ሐኪሙም መርምሮ፣ የሰዓቱን ነገር ሰምቶ፣ ያንኑ በሰዓቱ እንዲውጥ ነገረው። በስልኩ ላይ 12፣ 8 እና 4 ሰዓት ደወል ሞላን።

የ8 ሰዓቱ ነገር ግን ድሬ ላይ ለብቻው ምክር ይፈልጋል። ያ ሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው። የመን ውስጥ ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በጫት መሃል የተዋጠ አሞክሳሲሊን ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። የአሞክሳሲሊን ዘመድ የሆነው አምፒሲሊን ደግሞ ይብሳል፤ ከቅሚያ በፊት ቢዋጥም ይቀንሳል፤ ያልተነካው ቅሚያው ካበቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲዋጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እስክትጨርሱ ድረስ ጫቱን ተዉት። እየታመማችሁ መቃም ምን ይባላል? አልተውም ያለ ሰው ደግሞ አሞክሳሲሊኑን ከመቀመጡ በፊት ይዋጥ፣ በጫት መሃል ፈጽሞ አይዋጥ። አምፒሲሊን ከሆነ ሰዓቱን ከፋርማሲስቱ ጋር ያስተካክል።

ባጃጅ ነጂው አርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደወለ። የ8 ሰዓቱን አሁንም ረስቶታል! ቆጥቼዋለሁ። ግን መደወሉ ጥሩ ነው። ለቀጣዩ 4 ሰዓት ሦስት ሰዓት ቀርቷል። «አሁን አንዱን ዋጥ፣ የ4 ሰዓቱን ወደ 5 ግፋው፣ ነገ ጠዋት ወደ 12 ተመለስ» አልኩት። አራቱ ሰዓት ተጠበቀ፣ ሁለት ፍሬም አንድ ላይ አልተዋጠም።

11 ሰዓት ላይ አስታውሶ ቢሆን ይበልጥ ቀላል ነበር። ያኔውኑ ይውጣል፣ የ4 ሰዓቱንም በሰዓቱ። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያስታውስ ግን የ8 ሰዓቱ ቀርቷል ብሎ፣ በ4 ሰዓት አንድ ፍሬ ብቻ ይውጣል። የተዘለለችው ፍሬ መጨረሻ ላይ ትዋጣለች፣ ሕክምናው በአንድ ፍሬ ይረዝማል እንጂ አትጣልም፣ ለጎረቤትም አትሰጥም።

አንድ ቀን ሙሉ ካመለጣችሁ በግምት አትቀጥሉ፤ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ኑ። ገላችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ቀጣዩን ፍሬ አትንኩ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ይህ የነገርኳችሁ ሰዓት የአሞክሳሲሊን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሰዓቱ ጠዋት 12 እና ማታ 12 ነው። አዚትሮማይሲን ደግሞ በቀን አንዴ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ብትረሱት በዚያው ቀን ባስታወሳችሁበት ሰዓት ትውጣላችሁ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሰዓቱ ሊለይ ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ። እሽጉን ስንሰጣችሁ ቆም በሉና «ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እስክሪብቶ እኔ ጋ አለ፣ ጀርባው ላይ እጽፍላችኋለሁ።