የተዘጋ ገበያ ዋጋ «የዛሬ ዋጋ» አይደለም!

ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመውን ዛሬ ልዘርግፈው። እባካችሁ፣ «ስክሪፕቱ በየ15 ደቂቃው ይሩጥ በቃ» የምትሉ ሰዎች ተዉ። ዋጋ የሚያመጣ ስክሪፕት እንደ ግድግዳ ሰዓት ዝም ብሎ የሚዞር ነገር አይደለም። ገበያ ይከፈታል፣ ገበያ ይዘጋል፣ ቅዳሜና እሁድ ይተኛል። ስክሪፕቱ ይህን ካላወቀ ሐሰት ይጽፋል። የሚጽፈው ሐሰት ደግሞ እውነት ይመስላል። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው።

እዚህ ሐዋሳ የምሠራላቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ የሲዳማ ቡና ነጋዴ። ቡናችን አረቢካ ነው፤ የውጭ ገዢ ውል ሲዋዋል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከኒውዮርኩ የአረቢካ ዋጋ፣ «ሲ» ከሚባለው፣ ይህን ያህል ሳንቲም ከፍ ወይም ዝቅ እያለ ነው። የሚቆጠረው በአሜሪካ ሳንቲም ለአንድ ፓውንድ። ስለዚህ ጋሼ በየጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ዋጋው በቴሌግራም እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። የሚልከውን ስክሪፕት ከእኔ በፊት ሌላ ልጅ ጽፎት ነበር፣ እኔ ተረከብኩት። ለወራት «ይሠራል» ብዬ አልነካሁትም። ቁጥር ይልካል እኮ! ኤረር የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ ነሐሴ ላይ አንድ ሰኞ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ገበያው አልተንቀሳቀሰም ብለህ አልነበር እንዴ?» አሉኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የደረሳቸው መልእክት «ሰኞ፣ ለውጥ 0.00» ይላል። እሳቸውም ገበያው ጸጥ ያለ መስሏቸው ከአንድ ሰው ጋር ዋጋ ተነጋገሩ። ከሰዓት ላይ ሰውየው ሌላ ቁጥር ይዞ መጣ።

ፒያሳ ያለችው ቢሮዬ ገብቼ ሠንጠረዡን ከፈትኩት። የቅዳሜ፣ የእሁድና የሰኞ ጠዋት መስመሮች አንድ ቁጥር ናቸው። እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ ዓይነት። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

የኒውዮርኩ የቡና ገበያ የሚከፈተው በእነሱ ሰዓት ጠዋት 4:15 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 10:15 ማለት ነው። የሚዘጋው በእነሱ ከሰዓት 1:30 ላይ ነው። ይህ በክረምታችን ወደ ሐዋሳ ሰዓት ሲመጣ ከረፋዱ 5:15 እስከ ምሽቱ 2:30 ይሆናል። ጋሼ መልእክቱን በሚያነቡበት በ3 ሰዓት ኒውዮርክ ሌሊት ነው፣ ገበያው ገና አልተከፈተም። ዋጋ የሚሰጠው አገልግሎት ግን «ዝግ ነው» አይልም። የመጨረሻውን የታወቀ ዋጋ ያቀብላል። ሰኞ ጠዋት ከጠየቅከው የዓርብን ይሰጥሃል። ስክሪፕቱ ደግሞ ምን ያደርጋል? ቁጥሩን ይቀበልና የራሱን ሰዓት ይለጥፍበታል። የዓርብ ዋጋ «ሰኞ 3:00» ተብሎ ይጻፋል። «ለውጥ 0.00» የመጣውም የዓርብ ዋጋ ከዓርብ ዋጋ ሲቀነስ ነው! ገበያ ጸጥ ስላለ አይደለም፣ ገበያ ስላልነበረ ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ኮንቴይነር ቡና 320 ከረጢት ነው፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ። በፓውንድ ከ42,300 ይበልጣል። ስለዚህ የ1 ሳንቲም ልዩነት በአንድ ኮንቴይነር ወደ 423 ዶላር ያመጣል። ገበያው ሰኞ በ5 ሳንቲም ተነስቶ ከከፈተ ከ2,100 ዶላር በላይ ነው። ይህንን የሚሸከመው ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ አይደለም፣ ጋሼ ናቸው።

ሌላም አለ። ነጻው አገልግሎት በወር 1,000 ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቅደው። በየ15 ደቂቃው ቀንና ሌሊት ከሮጠ በቀን 96 ነው። 1,000ው በ11ኛው ቀን ያልቃል። ከዓርብ መዝጊያ እስከ ሰኞ መክፈቻ ብቻ ወደ 63 ሰዓት የሚጠጋ ዝግ ጊዜ አለ፣ እዚያ ላይ 250 ገደማ ጥያቄ በከንቱ ይቃጠላል። ከዚያ የወሩ አጋማሽ ላይ ገበያው በሚንቀሳቀስበት ሰዓት «ገደብህ አልቋል» ይላል። እኔ ደግሞ በየወሩ «አገልግሎቱ ደካማ ነው» እያልኩ ሰዎቹን ስወቅስ ነበር።

እሺ፣ አስተካከልኩት። ግን በችኮላ። ኒውዮርክና ሐዋሳ የ7 ሰዓት ልዩነት አላቸው አልኩና 7ን እንዳለ ኮዱ ውስጥ ጻፍኩት። የመዝጊያ ዋጋውን ከምሽቱ 2:40 ላይ እንዲወስድ አደረግኩ፣ ከተዘጋ ከ10 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። ሁለት ወር በሰላም ሠራ።

ከዚያ ጥቅምት 23፣ 2018 እሁድ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መለሱ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ። ልዩነቱ 8 ሰዓት ሆነ። ገበያው ለኛ ከቀኑ 6:15 ይከፈታል፣ ከምሽቱ 3:30 ይዘጋል። የኔ ስክሪፕት ግን አሁንም በ2:40 «የመዝጊያ ዋጋ» ብሎ ይጽፋል። ገበያው ሊዘጋ ገና 50 ደቂቃ ይቀረዋል! በዚያ 50 ደቂቃ ዋጋው የትም ሊሄድ ይችላል። ይኼኛው ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ በየቀኑ ይለያያል፣ ሕያው ይመስላል። የሚደጋገም መስመር ስለሌለ ዓይንህን የሚስበው ነገር የለም። ኤረር ቢሰጥ ኖሮ በዚያው ማታ አየው ነበር። ከሳምንት በላይ ሄደ።

ያወቁት ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ያንተ መዝጊያና የገዢው መዝጊያ አይገጥምም» አሉኝ፣ በተረጋጋ ድምፅ። ይኼ ድምፅ ከቁጣ ይልቅ ይከብዳል። እኔ ራሴ ልደርስበት እችል ነበር እኮ። አገልግሎቱ ከዋጋው ጋር «ያለፈው ቀን መዝጊያ» የሚል ሌላ ቁጥር ይልካል። በየቀኑ እሱን ትናንት ከጻፍኩት ጋር ባስተያየው በመጀመሪያው ማክሰኞ ይታወቅ ነበር። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው፣ በይፋ የሚወጣው የመዝጊያ ዋጋ ከመጨረሻው ግብይት ጋር የግድ አንድ አይደለምና። በየቀኑ በሰፊው ሲለያይ ግን የሰዓት ችግር አለ ማለት ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። 7ም 8ም ብዬ አልጽፍም። ስክሪፕቱን በሰዓቱ የሚያስነሳውን ክሮን ሰፋ አድርጌ እለቀዋለሁ፣ ጠባቡን በር ስክሪፕቱ ራሱ ይጠብቃል። ሰርቨሩ በ`UTC` ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ወቅት እንዲያቅፍ፦

```
*/15 8-18 * * 1-5  python3 /opt/kc/fetch.py
```

ስክሪፕቱ ደግሞ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የኒውዮርክን ሰዓት ይጠይቃል፦

```python
from datetime import datetime, time
from zoneinfo import ZoneInfo

now = datetime.now(ZoneInfo("America/New_York"))
closed = now.weekday() >= 5 or now.date() in HOLIDAYS
if closed or not time(4, 30) <= now.time() < time(13, 50):
    raise SystemExit
```

`weekday()` ሰኞን 0 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ 5 እና 6 ቅዳሜና እሁድ ናቸው። ከ4:15 ይልቅ 4:30 ያልኩት፣ መጨረሻውንም ከ1:30 ያሳለፍኩት፣ ነጻው ዋጋ በ15 ደቂቃ ዘግይቶ ስለሚደርሰኝ ነው። 1:45 ላይ ስጠይቅ የ1:30ውን አገኛለሁ። በቀን 38 ጥያቄ ሆነ፣ በ22 የሥራ ቀን 836። ገደቡ ውስጥ ገባ፣ ወሩን ሙሉ ይበቃል። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን መልሰው ሲያስቀድሙም ይቺን ኮድ ማንም አይነካትም።

`HOLIDAYS` የምትለዋ ግን እጅ ትፈልጋለች። የራሳችንን በዓላት እንዳትከቱባት! ለፍቼ ጫምባላላ ሐዋሳ ሥራ ፈትታ ስታከብር ኒውዮርክ በሥራ ቀን ከዋለ ይገበያያል። ታህሳስ 29 የኛ ገና ሲሆንም እንደዚያው። የእነሱ ገና ግን ታህሳስ 16 ነው፣ ያን ቀን ዝግ ነው። ሰኔ ላይ የነጻነት በዓላቸው፣ ኅዳር ላይ የምስጋና ቀናቸው አለ። ዝርዝሩን በየዓመቱ ከገበያው የራሱ የቀን መቁጠሪያ መቅዳት ነው። የሌላ ገበያ መቅዳት አይሆንም፣ ሁሉም የየራሱ ሰዓት አለው። የውጭ ምንዛሬ ለምሳሌ በኒውዮርክ እሁድ ማታ ይጀምራል፣ ቡና ግን እስከ ሰኞ ይጠብቃል።

ዝርዝሩን ማዘመን ብረሳስ? ለዚያ ሁለተኛ መያዣ አስቀመጥኩ። በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ሰዓት እጽፋለሁ፦ ዋጋው የተፈጠረበትን `price_time` እና እኔ ያመጣሁበትን `fetched_at`። አዲሱ `price_time` ካለፈው መስመር ጋር አንድ ከሆነ አይጻፍም፣ አለቀ። አንዳንዱ ሰው «ዋጋው ካልተለወጠ ዝለለው» ይላል። እሱ ልክ አይደለም። ክፍት ገበያም አንዳንዴ 15 ደቂቃ እዚያው ዋጋ ላይ ሊቆም ይችላል፣ ያ እውነተኛ መረጃ ነው፣ መጻፍ አለበት። የሚለየው ሰዓቱ ነው እንጂ ዋጋው አይደለም።

የ3 ሰዓቱን መልእክትም ቀየርኩት። ጋሼ ጠዋት ማንበብ ለምደዋል፣ ያን አልከለክላቸውም። ባለፈው ሰኞ የደረሳቸው እንዲህ ይላል፦ «ገበያው አሁን ዝግ ነው። የመጨረሻው ዋጋ የዓርብ መዝጊያ ነው። ዛሬ ከቀኑ 6:15 ይከፈታል።» አነበቡና ደወሉልኝ። «እንግዲያው ሰውየውን ከምሳ በኋላ አናግረዋለሁ» አሉኝ።