መዋጮ ላልከፈለ ገበሬ ጡረታ ይገባዋል?

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም የመጣ ነው፦ «አባቴ 70 አልፎታል። ዕድሜውን ሙሉ ግብር ገብሯል፣ ደመወዝ ግን በልቶ አያውቅም። ለሱ ጡረታ የሚባል ነገር አይገባውም? ሴፍቲኔቱስ እኛ ወረዳ ለምን የለም?»

ሁለት ሰዎች ተከራክረውበታል። እሷ በምሥራቅ ጎጃም በማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ 14 ዓመት የቆየች ናት። እሱ የቡሬ እህል ነጋዴ ነው።

እሷ፦ ከሴፍቲኔቱ ልጀምር። በ1997 ሲጀመር መጀመሪያ የተመረጠው ወረዳ እንጂ ሰው አይደለም። ለተከታታይ ዓመታት የእርዳታ እህል ሲቀበል የኖረ ወረዳ ገባ። ከጎጃም የገቡት ጥቂት ናቸው፣ በተለይ ወደ ዓባይ በረሃ የሚያዘነብሉት። እዚያ ጉልበት የሌለው ሽማግሌ «ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ» በሚባለው ይታቀፋል፣ ሳይሠራ ይከፈለዋል። ጤፍና በቆሎ በሚያመርት ወረዳ ያለው ሽማግሌ ግን ወረዳው ስለጠገበ እሱም እንደጠገበ ይቆጠራል።

እሱ፦ እህቴ፣ ጡረታ ማለት ቁጠባ ነው። የኔ ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ እኔ 11 እጨምርበታለሁ። ምንም ያላስቀመጠ ምን ያወጣል? ደግሞ የገበሬ ጡረታው መሬቱ ነው። አክስቴ ባሏ ከሞተ 9 ዓመት ሆነ። 2 ቃዳ መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች። ጎታዋ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እሷ፦ እንግዲያው የአክስትዎን እንቁጠረው፣ ጋሼ። 2 ቃዳ ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው። ደህና ዓመት ከሆነ 7 ኩንታል ጤፍ ይውጣው እንበል። የማዳበሪያው ከላይ ይነሳል፤ አንድ ኩንታል ይሂድ። ቀሪው 6 ለሁለት ሲካፈል ለሷ 3 ይደርሳታል። ሁለቱን ትበላለች። አንዷ ኩንታል የ12 ወር ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የወፍጮ፣ የልቅሶና የእድር መሆን አለባት። ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ የለም ከተባለች ደግሞ ከግል ፋርማሲ መግዣ። እህል አላጣችም፣ ብር ነው ያጣችው። ያቺን ኩንታል መቼ ነው የምትሸጣት?

እሱ፦ ጥር ላይ። ዕዳ ስላለባት ከአውድማ እንደገባ ትሸጣለች፣ ዋጋው ሲወርድ። እውነቱን ለመናገር የምገዛትም እኔ ነኝ። ይሁን፣ እሷን ለቀቅኩ። ግን ብሩን ለማን ትሰጪዋለሽ? ለጤና መድኑ መክፈል አይችሉም የሚባሉት በቀበሌ ሲመረጡ አይተሻል። የሊቀመንበሩ አማት እዚያ ውስጥ አለች፣ ሁለት በሬ እያላት!

እሷ፦ አይቻለሁ። አንድ ቀበሌ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካ ሥር ስም ሲነበብ ቆሜ ነበር። የተገኘ ሰው ስም ተነበበ። ከአልጋ የማይነሱት አንዲት ባልቴት ግን «ልጅ አላቸው» ተብለው ታለፉ። ልጁ መተማ ከሄደ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ድህነትን ቀበሌ ይምረጥ ያልን እንደሆነ የሚቀረው እንዲህ ያለው ነው። ለዚህ ነው በዕድሜ ይሁን የምለው፦ 70 የሞላው፣ ሌላ ጡረታ የማይበላ ሁሉ። ሌሶቶ ይህንኑ የጀመረችው እኛ ሴፍቲኔትን በጀመርንበት በ1997 ነው፤ ሀብታም አገር አይደለችም። ኬንያም በ2010 70 ለሞላቸው በወር 2000 ሽልንግ መክፈል ጀመረች።

እሱ፦ ያ 2000 ሽልንግ ዋጋ ሲንር ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። ደግሞ 70 መሙላቱን በምን ታውቂያለሽ? መታወቂያችን ላይ ግማሹ ሰው መስከረም 1 ነው የተወለደው።

እሷ፦ በ60ው የግብር አመፅ። የጎጃም ሽማግሌ ያን ዓመት ያስታውሳል። «ያኔ ምን ትሠራ ነበር?» ስትለው ጥጃ ይጠብቅ የነበረውና ያርስ የነበረው ይለያያሉ። በ1960 15 ዓመት የሞላው ዛሬ 70 አልፎታል።

እሱ፦ ገንዘብ አለበት ከተባለ ሁሉም «እኔማ አርስ ነበር» ይላል!

እሷ፦ አንዱ ሊል ይችላል። እኩዮቹና ንስሐ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው ሲሰሙት ግን ይከብደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። ኡጋንዳ ክፍያውን ከመታወቂያ ጋር ስታያይዘው ዕድሜያቸው በስህተት አንሶ የተጻፈ አዛውንቶች ቀርተዋል። ፋይዳ ላይ ዕድሜ በግምት እየተሞላ ከሆነ ያው ይደርስብናል።

እሱ፦ ገንዘቡስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አረጋውያንን ለመርዳት «አቅም በፈቀደ» ነው የሚለው። አቅም የለም ካሉሽ አበቃ።

እሷ፦ እሱን አልመለስኩም፣ ልክ ነዎት። ግን ከ70 ተነስቶ አቅም ሲገኝ መውረድ ይቻላል። ኡጋንዳ መላ አገሪቱን ለማዳረስ ብላ ዕድሜውን 80 አድርሳዋለች።

እሱ፦ 80! አክስቴ 74 ናት።

እሷ፦ እንግዲያው በሚቀጥለው ጥር ኩንታሏን ሳትሸጥ ያበድሯት፣ ሐምሌ ላይ ትሽጥልዎ።

እሱ፦ ከእህል ነጋዴ ጋር እንዲህ አይቀለድም፣ እህቴ።