የአርፋጅ መዝገብ ያለው ትምህርት ቤት

«አንድ ከባድ ነገር አሳዩኝና ዛሬውኑ እርምጃ እወስዳለሁ። በኩርፊያ ተማሪ አልቀጣም።»

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ጉልበተኝነት ተነስቶ ዩኒት ሊደሩ ይህን ሲሉ ቤቱ አጨበጨበ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ፣ የክፍሏ ልጆች ሲያገልሏት በየቀኑ የጻፈችበት ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄን ሳወጣ ሰዓት የለም ተባለ።

ከኋላዬ አንድ አባት ደግሞ ጨመሩበት፦ «ወሎ እኮ የፍቅር አገር ነው፤ ልጆቻችን እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም።» ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው። ጋሼ፣ እኛ አገር ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጎረቤት አንድ ቀን ባይጠራዎት ረስቶ ነው ይላሉ። ወር ሙሉ የቡናው ሽታ ቤትዎ እየገባ፣ ግራና ቀኙ ሁሉ እየተጠራ እርስዎ ብቻ ከቀሩ ግን ረስተው ነው ይላሉ? አይሉም። ሽማግሌ ይልካሉ። ታዲያ ለልጅቱ ሲሆን ምነው ሒሳቡ ጠፋ?

ዩኒት ሊደሩም ሒሳቡ አይጠፋቸውም። በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው የአርፋጅ መዝገብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ያረፈደ ልጅ ወላጅ አምጣ አይባልም። በወር ስድስት ጊዜ ሲያረፍድ ግን ይባላል። ከስድስቱ «ከባዱ» የቱ ነበር? አንዱም። ወላጅ ያስጠራው ድግግሞሹ ነው። ይህ ለደቂቃ ሲሆን የገባው ትምህርት ቤት ለሰው ሲሆን አልገባኝም ሲል፣ አልገባውም ብዬ አላምንም። አልፈለገም። ስለ ጉልበተኝነት በማጥናት ስሙ የሚነሳው ዳን ኦልቬየስ እንኳን ትርጉሙን ሲያስቀምጥ መደጋገምን አንድ ምሰሶ አድርጎታል፤ ሆን ብሎ ከቡድን ማግለልንም ከዱላ ጋር ቆጥሮታል። «አንድ ነገር አሳዩኝ» ማለት እንግዲህ መቼም የማይገኘውን ማስረጃ መጠየቅ ነው።

ደብተሩን ላሳያችሁ። መጀመሪያ ላይ የጻፈችው «ዛሬም ጠሉኝ» የሚል ነበር። መጥላት በዓይን አይታይም፤ ዓይንሽ ያየውን ጆሮሽ የሰማውን ብቻ፣ በዚያው ቀን ጻፊ አልኳት። ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«ጥቅምት 18፣ 4ኛ ክፍለ ጊዜ። ቡድን ሥሩ ተባልን። ወንበሬን ሳስጠጋ ‹ሞልተናል› አሉኝ። አራት ነበሩ። ከኔ በኋላ የመጣች ልጅ ገባች። ብቻዬን ሠራሁ።»

«ኅዳር 2፣ ከእረፍት በኋላ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ‹የጠፋውን ካልኩሌተር አንቺ ነሽ የወሰድሽው እየተባለ ነው› አለችኝ። ኅዳር 3፣ ቦታ ቀየረች።»

ሁለተኛው ላይ ልብ በሉ። ወሬውን ማን ጀመረው ብላ አልዞረችም። እሱን ስትጠይቅ ብትውል ወሬውን የምታዳርሰው ራሷ ነበረች። ማን ነገራት፣ በምን ቃል፣ ከዚያስ ምን ተለወጠ፤ ይኸው ነው። ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ሲያስወጧትም ስክሪንሾቱን ከነቀኑ አስቀመጠች። ሰላም የዋለችበትንም ቀን «ምንም የለም» ብላ ትጽፋለች። ያ ካልተጻፈ ደብተሩ የክስ ወረቀት ነው የሚመስለው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ እኔና እናቷ ቁጭ ብለን ቆጠርነው። 25 የትምህርት ቀን፣ በ13ቱ ላይ 19 ነገር። ከ19ኙ ነገር በ15ቱ ውስጥ እነዚያው ሁለት ልጆች አሉ። 12ቱ የሆኑት በእረፍት ሰዓትና በቡድን ሥራ ነው፤ መምህር ጀርባ ሲሰጥ ማለት ነው። ይህንን ከአንድ ቀን ገጽ ላይ ማንም አያነበውም። ዩኒት ሊደሩ ቢፈልጉ ደግሞ አሁን መቼ ማየት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ በእረፍት ሰዓትና በቡድን ሥራ ጊዜ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ ደብተሩ የአንድ ወገን ነው። የልጆቹን ሆድ አያሳይም። ተራ ጸብም ቢሆን ይጻፋል። ግን ተራ ጸብ ይለያል፦ ሁለቱም ይጎዳዳሉ፣ በሳምንቱ ይታረቃሉ፣ ነገ የሚኮረፈው ሌላ ሰው ነው። እዚህ ደብተር ላይ የሚቀረው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ከተጠራጠሩ የክፍል ኃላፊው ሁለት ሳምንት በራሳቸው ዓይን አይተው ለብቻቸው ይጻፉ፤ ከዚያ እናስተያይ።

«ይህ እኮ ቂም መያዝ ነው» ያሉኝ እናትም ነበሩ። እትዬ፣ ቂም ሆድ ውስጥ ነው የሚያዘው። ልጅቱ ያወጣችው ወረቀት ላይ ነው፤ ያውም ዓይናችሁ እንዲያየው።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ነኝ። የአርፋጁን መዝገብ እንዲያውሱኝ እጠይቃለሁ፤ ከእህቴ ልጅ ደብተር ጎን እዘረጋዋለሁ። የትኛው ኩርፊያ እንደሆነ እሳቸው ይንገሩኝ።