ደሟ ሙሉ ነው፣ ግን ታፍናለች

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምቆጣው ስለምሳሳላችሁ ነው።

የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ነሐሴ ላይ አንድ ማለዳ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ በአባቷና በአጎቷ ተደግፋ መጣች። ራሷን ፈልጧታል፣ አስመልሷታል፣ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ማታ ዝናብ ስለነበር እናቷ ማንደጃ መኝታ ክፍል አስገብታላቸው ነበር። ጥንቃቄ ያደረገች መስሏት ከሰሉን ያያያዘችው ደጅ ነው። ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ ነው ያስገባችው። ብርድ እንዳይገባ ደግሞ በሩ ሥር ጨርቅ ወትፋለች።

ደሟ ተቀድቶ እኔ ጋ መጣ። ማሽኑ ያወጣው ውጤት እንከን የለውም። ሄሞግሎቢን 14። ቀይ የደም ሴል 4.8 ሚሊዮን። ጣቷ ላይ የተሰካችው የኦክስጅን መለኪያም 98 ትላለች። አባቷ ወረቀቱን አዩና ፊታቸው ፈካ። «ይኸው፣ ደሟ ሙሉ ነው። በቃ የኦክስጅን ጭንብሉን አውልቁላትና ቤቷ ትረፍ» አሉ። አጎቷ ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ «ደም ካነሳትም እኔ አለሁ» ይላል።

በሁለቱም አልፈርድም። ግን ይህን ንግግር ከብዙዎቻችሁ ሰምቼዋለሁ፤ በዚህ ንግግር ሰው ቶሎ ወደ ቤት ተወስዶ ይጎዳል። ስለዚህ ያ ወረቀት ምን እንደቆጠረና ምን እንዳልቆጠረ ልንገራችሁ።

ቀይ የደም ሴል በሄሞግሎቢን የተሞላ ከረጢት ነው። እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚቀመጥበት አራት ቦታ አለው። ድሮ የምናውቃትን ሰማያዊና ነጭ ላዳ አስቡ፤ አራት ተሳፋሪ ነው የምትይዘው። ሳንባ ታክሲ ተራው ነው። ኦክስጅን እዚያ ይሳፈራል፣ አንጎል ጋ፣ ልብ ጋ፣ ጡንቻ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የምቆጥረው መኪናዎቹን ነው። ስንት ላዳ ተራ ላይ እንደቆመ እነግራችኋለሁ። ውስጡ ማን እንደተቀመጠ ግን ያ ወረቀት አያውቅም።

ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መኪና አይሰብርም። ቀይ ሴልን አይገድልም፣ ደምን አያፈስም፣ ሄሞግሎቢንን አይቀንስም። የኦክስጅንን ወንበር ነው የሚይዘው። ያውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እዩት። በአንድ ሺህ እጅ አየር ውስጥ ኦክስጅን ወደ 210 እጅ ነው። እዚያው አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ እጅ ብቻ ቢገባ፣ ያ አንዱ ከ210ሩ ጋር እኩል ይሻማል። ሰውየው ሰዓታት ከተነፈሰው ግማሽ ያህሉ ወንበር ይወሰድበታል። ለዚህ ነው ቤቱን የሚሞላ ጭስ የማያስፈልገው።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይገባዋል። «እሺ፣ ግማሹ ቢያዝ ግማሹ ይቀራል፤ ደም ማነስ ያለበት ሰውስ በግማሽ ደም ይንቀሳቀስ የለ?» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆም ብላችሁ ስሙኝ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው።

የልጅቷ ሄሞግሎቢን 14 ነው። ሁሉም ወንበር ኦክስጅን ቢይዝ መቶ ሚሊ ሊትር ደሟ 19 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። ከወንበሮቹ 40 በመቶው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተያዘ እንበል። 11 ያህል ይቀራታል። አሁን ሄሞግሎቢኗ 8.4 የሆነ ደም ያነሳት ሴት አጠገቧ አቁሙ። እሷም 11 ነው የምትሸከመው። በወረቀት ካየን ደም ያነሳት የባሰባት ትመስላለች። ሴትየዋ ግን ትደክማለች እንጂ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ራሷን ትስታለች።

ደም ማነሱ ቀስ ብሎ የመጣ ከሆነ ሰውነት መልመዱ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። የሄሞግሎቢን አራት ወንበሮች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። በጤናማ ደም አንዱ ኦክስጅን ሲወርድ የቀሩትም መውረድ ይቀላቸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አንዱን ወንበር ከያዘ ግን የሄሞግሎቢኑ ቅርጽ ይለወጥና የቀሩት ወንበሮች ኦክስጅናቸውን ጭብጥ ያደርጋሉ። መኪናው አንጎል ጋ ይደርሳል፣ ኦክስጅኑ ውስጡ አለ፣ በሩ ግን አይከፈትም። ሰውነታችን ዕረፍት ላይ ሆኖ ከየመቶው ሚሊ ሊትር ደም 5 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ያወርዳል። ደም ያነሳት ሴት ከ11ዱ አምስቱን ብዙም ሳትቸገር ታወርዳለች። ልጅቷ ያንኑ አምስት ለማግኘት አንጎሏና ልቧ መጀመሪያ ክፉኛ መራብ አለባቸው። ስለዚህ 11 ተሸክማ፣ 11 ያላት ሰው ያህል አትጠቀምም። ጋዙ በተጨማሪ ጡንቻና ሴል ውስጥ ገብቶ የራሱን ጉዳት ያደርሳል። የአጎቷ ደም ያላስፈለጋት ለዚህ ነው። መኪና አላነሳትም።

ጥፋቱ በእርግጥ ኦክስጅን ማጣት መሆኑን ያሳየው እንግሊዝ አገር የነበረው ጆን ስኮት ሃልዴን ነው፣ በ1895 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። አይጦችን ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ዘግቶ፣ ኦክስጅኑን ከተራው የአየር ግፊት በእጥፍ አደረገው። ሄሞግሎቢናቸው በጋዙ ተይዞም አይጦቹ ኖሩ። በግፊቱ የተነሳ በቂ ኦክስጅን የደሙ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ፣ ያለ መኪና በእግሩ ደረሰላቸው። በተራ አየር ግን እንዲህ ሟሙቶ የሚሄደው በመቶ ሚሊ ሊትር ደም 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሰው በዚህ አይኖርም።

ይህችው ትንሿ የሟሟች ኦክስጅን ደግሞ ሌላ ጉድ አላት። አንገታችን ላይ ኦክስጅን ሲቀንስ «ተንፍስ!» ብላ የምትጮህ ጠባቂ አለች። እሷ የምትለካው የሟሟውን ነው። ሳንባችሁ ጤነኛ ስለሆነ የሟሟው አልቀነሰም። ጠባቂዋ ዝም ትላለች። ለዚህ ነው በከሰል የሚታፈን ሰው ትራስ እንደታፈነበት ሰው የማይንፈራገጠው። ራሱን ያመዋል፣ ይከብደዋል፣ ይተኛል። የነቃ እንደሆነም በሩን ልክፈት ብሎ ሲነሳ እግሩ ይከዳዋል። «ካፈነኝ እነቃለሁ» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ቃል ተዉት።

ጣት ላይ የምትሰካዋ መለኪያስ? እሷ የምታየው ቀለም ነው። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘ ሄሞግሎቢን እንደ ኦክስጅኑ ቀይ ነው። ለይታ አታውቀውም፣ ደምራ 98 ትላለች። ከንፈርም አይጠቁርም። ጋዙን ለይቶ የሚለካ የደም ምርመራ አለ፣ ያን ቀን እኛ ጋ አልነበረም። ሐኪሙ የያዘው አንድ መረጃ ብቻ ነበር፤ አጎቷ ሲወጣ ሲገባ ያነሳው የማንደጃው ወሬ። አባቷ «ምግብ ነው የመረዛት» ብለው ነበር የጀመሩት። እንግዲህ ካርድ ስታወጡ ጀምሮ «ከሰል ነበር» በሉ። አትፈሩ፣ አታፍሩበትም።

አሁን ወደ ጭንብሉ። ጋዙ ከወንበሩ የሚነሳው ቀስ ብሎ ነው። ንጹሕ አየር ብቻ ከሆነ ግማሹ ለመውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ የቀረው ግማሽ ለመውጣት እንደገና ያንኑ ያህል። በደንብ በገጠመ ጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ከተሰጠ ግን ግማሹ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ይወጣል። 40 ከነበረ ወደ 10 ለመውረድ በአየር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በኦክስጅን ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሎሚ ማሽተትና ወተት መጠጣት ከወንበሩ አንድም አያስነሳም፤ ሰዓቱን ግን ይበላዋል። ጭንብሉ ቢከብዳት፣ ብትነጫነጭ፣ «ተሻለኝ» ብትል እንኳ ሐኪሙ ሳይል አይወልቅም። ራሱን ስቶ የዳነ ሰው ደግሞ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ ጠባይ መለወጥ፣ መንገዳገድ ሊያሳይ ይችላል። ያኔ «ዛር ነው» ሳይሆን ተመልሶ መምጣት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደህና ብትመስልም ትምጣ፤ የፅንሱ ደም ጋዙን ከእናቱ ይበልጥ አጥብቆና ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

ስለ ፍሙም አንድ ነገር ልበል፤ የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። «ጭሱ አልቋል» ስትሉ የጠፋው የሚታየው ነው። ፍም ሲቀላ ከሥር የሚወጣው የተቃጠለ አየር በቀላው ከሰል መሃል ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። አመድ የለበሰ፣ ያማረ፣ ሽታ የሌለው ፍም ጋዙን ያመርታል። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ አልጋ ላይም ወለል ላይም ብትተኙ ይደርሳችኋል። አጠገቡ ውሃ ብታስቀምጡም ጋዙ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ቡና አፍልታችሁ ስትጨርሱ ማንደጃው ከነፍሙ ደጅ ይውጣ። የሚተኛ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አይደር።

አባቷን አስቀምጬ ይህንኑ ነገርኳቸው፣ በላዳው ምሳሌ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ጭንብሉን ራሳቸው አስተካክለው ልጃቸው ፊት ላይ ያዙት። በዚህ መሃል ሐኪሙ ገባና «እዚያ ክፍል ሌላ ማን ተኝቶ ነበር?» አላቸው።

«ታናሽ ወንድሟ» አሉ። «እሱ ደህና ነው። ራሴን አመመኝ ሲል ነበር፣ የክረምት ትምህርት እንዳያልፈው ላክነው።»

ከዚያ የራሳቸውን ድምፅ የሰሙ ያህል ደነገጡ። ስልካቸውን ሲያወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የትምህርት ቤቱን ቁጥር የደወለላቸው አጎቷ ነው።