«ድምፅዎን አላውቅም?»

ወገኖቼ፣ በተለይ እናንተ ትረካ እየሠራችሁ በዩቲዩብ የምትጭኑ፣ ስለ አንድ ሽማግሌ ልንገራችሁ። ሬዲዮ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ተራኪ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ የደረሰባቸው ይበቃል።

እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ብርድ ልብስ በግድግዳው በተሰቀለባት ጠባብ ክፍሌ አንብበውልኝ ነበር፤ 38 ደቂቃ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ማሚቶ። አንድ የቪዲዮ አዘጋጅ «የንባብ ስልታቸውን ልማርበት» ብሎ ፋይሉን ለመነኝና ላክሁለት። ጋሼን አልጠየቅኋቸውም። የሰውን ድምፅ አስመስለው የሚናገሩ ማሽኖች ለደህና ቅጂ ጥቂት ደቂቃ እንደሚበቃቸው፣ ግማሽ ሰዓት ንጹሕ ንባብ ካገኙ ደግሞ ሰውየውን ከነቃናው እንደሚያወጡት አውቅ ነበር። የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ድምፅ መሆኑን፣ የገበያ ጫጫታ ወይም የክራር ጣልቃ ገብነት የሌለበትን፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሦስት ወር በኋላ የጋሼ ልጅ ከደሴ ደወለች። «አባባ መድኃኒት መሸጥ ጀመረ እንዴ?» አለችኝ። ቪዲዮውን ከፈትሁት። የጋሼ ድምፅ፣ ያ እንደ ጠላ የሰከነ ድምፅ፣ ስኳር በሽታ ያለበትን ሰው ኪኒኑን ጥሎ የቅጠል ዱቄት በውኃ በጥብጦ እንዲጠጣ ይመክራል።

የማሽን ሥራ መሆኑን እኔ ወዲያው አወቅሁ። ትረካው «በገና ሰሞን» ሲል ማሽኑ «ገና»ን ሳያጠብቅ እንደ «ገና አልመጣም» አነበበው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ ማሽኑ ደግሞ የሚገምተው ከፊደሉ ነው። ጋሼ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢገደሉ አይሠሩም። ረጅሙም ዓረፍተ ነገር ያለ ትንፋሽ አለቀ። ግን ይህን ማን ያዳምጣል? የጋሼ ጎረቤት፣ የስኳር ሕመምተኛ እናት፣ አላዳመጡትም። ለአሥራ አንድ ቀን ኪኒናቸውን ተዉ። ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገብተው ሲወጡ ጋሼ ሊጠይቋቸው ሄዱ። «እኔ አላልሁም፣ እመቤት» አሏቸው። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ድምፅዎን አላውቅም?» አሉ። ጋሼ የሚመልሱት አጡ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ድምፃቸው መታወቂያቸው ነበርና።

አዘጋጁን ደውዬ ጠየቅሁት። «ስማቸውን መቼ ጠራሁ? ድምፅ የማንም አይደለም» አለኝ፤ ሳቀም። ይህችን ሳቅ ይቅር አልላትም።

የሚያሳዝነው፣ የአዘጋጁ ክርክር ሕጋችን ውስጥ ክፍተት ማግኘቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ድምፅን በስም አያነሳም፣ ሰው ያላለው ቃል በሰው ድምፅ ይነገራል ብሎ ያን ጊዜ ማን ያስብ ነበር? አሜሪካ ውስጥም ጉዳዩ ገና ይንገዳገዳል። ሁለት የድምፅ ተዋንያን ሎቮ የተባለን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ ከሰዋል፤ ለአንዱ 1,200፣ ለሌላዋ 400 ዶላር ከፍሎ ቀረጻ ካሠራ በኋላ ድምፃቸውን በማሽን ሸጠብን ይላሉ። አንደኛው ሥራው ለጥናት ብቻ ነው ተብሎ እንደነበር ይናገራል። ዳኛው በ2025 የክሱን ከፊል ውድቅ ቢያደርጉም የኒውዮርክ ሕግ የሰው ድምፅ ያለ ፈቃዱ ለንግድ እንዳይውል የሚከለክልበትን ክርክር እንዲቀጥል ፈቅደዋል። ገንዘብ የተከፈላቸው ሰዎች ናቸው ይህን የሚከራከሩት። የእኛ ሽማግሌ ሳንቲም አልተከፈላቸውም።

«ሰው ሠራሽ ነው የሚለውን ምልክት አድርጌያለሁ» የምትሉም አላችሁ። ዩቲዩብ የሌላን ሰው ድምፅ በማሽን ሠርቶ ቪዲዮ የሚያስተርክ ይህን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ምልክቱ ለተመልካች የሚነገር ነው። ባለድምፁን ማን ጠየቀው? የሰው በግ አርዶ «የጎረቤቴ በግ ነው» ብሎ መናገር ስርቆቱን አይፍቀውም።

እናንተን ብቻ እየወቀስሁ ግን አልዋሽም። ሌባው አዘጋጁ ነው፣ በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ቀረጻው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ለማሽን ማሠልጠኛ ይሰጥ እንደሆነ፣ ይቁም ሲሉ የሚያስቆሙት ማንን እንደሆነ የምትገልጽ አንዲት ገጽ ወረቀት ብናስፈርም ኖሮ አዘጋጁ ሲለምነኝ እምቢ የምልበት ነገር በእጄ ይኖር ነበር። እኔ ግን «የእኛ ሰው ነው» ብዬ ላክሁ።

ቪዲዮውን ለማስወረድ አቤቱታው ከባለድምፁ ከራሳቸው መምጣት ነበረበት። ጋሼ ኢሜይል የላቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ ሞላን፤ ወረደም። ቴሌግራም ላይ ግን እስከ ዛሬ ይዞራል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ መጡ። ሌላ አያነቡልኝም ብዬ ነበር። ወረቀቱን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ፈረሙ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ተረኩ። ሲጨርሱ ፍላሹን ራሳቸው ነቅለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። «ስትፈልገው ደውልልኝ» አሉኝ።