ከሦስቱም ውጤቶች እኩል መቀነስ አያስኬድም

የእግር ኳስ ውርርድ ኦዶችን ወደ ዕድል ስለመቀየር እንዲህ ሲባል ይሰማል፦ «የአወራራጁን ትርፍ ለሦስት አካፍሎ ከእያንዳንዱ ውጤት እኩል መቀነስ ነው፤ የቀረው ትክክለኛው ዕድል ነው።»

ይህ ስሌት ሦስቱ ኦዶች ሲቀራረቡ ስሕተቱ አይታወቅም፤ ጨዋታው ወደ አንድ ወገን ሲያደላ ግን ይፈርሳል። ለምሳሌ ባለሜዳው 1.02፣ አቻው 21፣ እንግዳው 101 ቢሰጣቸው፣ አንድን ለእያንዳንዱ ኦድ ስናካፍል 98.04፣ 4.76 እና 0.99 በመቶ እናገኛለን። ድምሩ 103.79 ስለሆነ ከ100 በላይ ያለው የአወራራጁ ትርፍ 3.79፣ ሲሶውም 1.26 ነው። ይህን ከእንግዳው 0.99 ላይ ስንቀንስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ዕድል ደግሞ የለም።

ቀላሉ አማራጭ እያንዳንዱን ለ1.0379 ማካፈል ነው፤ 94.46፣ 4.59 እና 0.95 ይሆናል። ዳሩ ግን አወራራጆች ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ኦድ ባላቸው ውጤቶች ላይ በንጽጽር የበለጠ ትርፍ ስለሚይዙ፣ ይህ መንገድ የደካማውን ዕድል ያጋንናል። እንዲህ ላለ ጨዋታ እኔ የምመርጠው ሦስቱንም ቁጥሮች በአስርዮሽ ጽፎ፣ ድምራቸው 1 እስኪሆን ድረስ በአንድ ዓይነት ርቢ ከፍ ማድረግን ነው። እዚህ ርቢው 1.26 ገደማ ሲሆን፣ ውጤቱ 97.5፣ 2.2 እና 0.3 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ በካልኩሌተር ማረጋገጥ ይቻላል።